ከአራት ዜሮ

ፈተና ባረምኩ ማግስት ቢሮዬ ደጃፍ የሚሰለፍ ተማሪ ያናድደኛል። እዚህ ጎንደር ካልኩለስ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አቤቱታ ሰምቼ ማርክ የቀየርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በዚያ ማክሰኞ የመጣችው ናዝራዊት ነበረች፣ የማክሰኝት ከተማ ልጅ። ያገኘችው አርባ ስድስት ነው፣ ማለፊያው ሃምሳ። ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አራተኛውን ጥያቄ አሳየችኝ፤ አራት ማርክ ያለውን፣ እኔም በቀይ ዜሮ የጻፍኩበትን።

ጥያቄው ከአንድ ጀምሮ እስከ ኢንፊኒቲ በ1/(x + sin²x) ግራፍ ሥር ያለው ስፋት መጨረሻ አለው ወይስ የለውም የሚል ነው። ማንም ቢሆን ቀመር አግኝቶ ኢንተግራሉን ሊሠራው አይችልም፤ ከሚታወቅ ነገር ጋር አወዳድሮ መፍረድ ነው። የእኔ የመልስ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ከ1/x አይበልጥም፣ የ1/x ስፋት መጨረሻ የለውም፣ ስለዚህ የዚህም የለውም። እሷ ግን «ከ1/x ማነሱ ምንም አይነግረንም» ብላ ጽፋለች። ሳርም እዚያ ስደርስ ደሜ ፈላና የቀረውን ሳላነብ አለፍኩት።

ምኑ ነው የማይነግረን ብዬ ተቆጣኋት። አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ግን ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ ይዛ መለሰችልኝ።

«መምህር፣ አንድ ረጅም ሰው በዚህ በር አላልፍ አለ እንበል። ከእሱ የሚያጥር ሁሉ አያልፍም ማለት ነው?»

በር ሌላ ሂሳብ ሌላ አልኩ። እስክሪብቶዬን አስፈቅዳ ወሰደችና 1/x² ጻፈች። ከአንድ ወዲያ እሱም ከ1/x ያንሳል። ስፋቱ ግን ልክ አንድ ነው፣ መጨረሻ አለው። ይህን ራሴ ነኝ ያስተማርኳት።

ዝቅ ብዬ ያላነበብኩትን አነበብኩ። sin²x ከአንድ አይበልጥም፤ ስለዚህ ፈንክሽኑ ከ1/(x + 1) አያንስም። የ1/(x + 1) ስፋት ደግሞ መጨረሻ የለውም፤ ከሥሩ ያለው እንዲያ ከሆነ የላይኛውም መጨረሻ የለውም። ሸጋ አድርጋ ሠርታዋለች። መልሳችን አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን የእሷ ብቻ ነው ልክ። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

አራቱን ማርክ ጨመርኩላት። ሃምሳ ሞላች። ዓይኗ እንባ ሲያቀር ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የእኔን ምክንያት የጻፉትን ሌሎቹን ማርክ እንደማልቀንስባቸው፣ ሐሙስ ክፍል ገብቼ ጥፋቴን በሰሌዳ ላይ እንደማርም ነገርኳት። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ የራሴ የመልስ ወረቀት ላይ ከአራት ዜሮ ጻፍኩ።

ናዝራዊት አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ኧረ መምህር፣ አንድ እንኳ ይስጡት» አለችኝ። «መልሱን እኮ አግኝቶታል።»