ጫማው እማማን እንዳይነካ

እማማ ዘመነች ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት በገዛ ጫማቸው ሞቱ። በሦስት ሰዓት ተኩልም ሞቱ። እኔና ሶፊ እስከ አምስት ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ገደልናቸው። እሳቸው ግን ከመስኮታችን ማዶ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ኤልያብ እባላለሁ፤ ኮድ እጽፋለሁ። ሶፊ ትስላለች። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከፌርማታው ገባ ብሎ ካለው የእማማ ዘመነች ግቢ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይተን ጌም እንሠራለን። የጌሙ ባለታሪክ ራሳቸው እማማ ናቸው። ገመድ ላይ የተሰጣ ቋንጣቸውን ሊሰርቁ የሚመጡትን ድመቶች በነጠላ ጫማ ይመታሉ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት ደግሞ ግቢዬን በጫማ ሞላችሁት ብሎ በራሱ ጫማ ይመልስላቸዋል። የባለታሪኳ ድምፅም የራሳቸው የእማማ ነው። ሲመቱ የሚሉትን «ውይ ወገቤን!» ለመቅዳት አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጅተናል፤ በየመሃሉ እየሳቁ አስቸገሩን።

ጌሙን ለውድድር ልናስገባ ነበር፤ ማስገቢያው የዚያኑ ዕለት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የሰው መልክና ድምፅ የተጠቀመ ደግሞ የባለቤቱን ፊርማ ማያያዝ ግዴታው ነው። እማማ የፈቃዱን ወረቀት ተቀብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ሸጎጡት። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የጸሎት ጓደኞቻቸው ሲመጡ አብረው ሊያዩት ነው። «ከሳቁልኝ እፈርማለሁ፤ ከሳቁብኝ ግን ተቀዶ ይጣላል» አሉን። እሳቸው ከቀሩ ጌም የለንም። የስምንት ወር ሥራችን አራት ድመትና አንድ ገመድ ቋንጣ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ለምንድነው በገዛ ጫማቸው የሚሞቱት? ጥፋቱ ሐሙስ ነው የተሠራው። ሐሙስ ዕለት እማማ መጀመሪያ የሳልናቸውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ይቺ ሴትዮ ምን በልታ ነው የኖረችው፣ ሰው ቤቷ ምግብ የለም አይልም ወይ ብለው ጠየቁን። ሶፊ ወዲያው ቁጭ ብላ ሰውነታቸውን ሞላችው፤ ወገባቸውን አሰፋች፣ ደረታቸውን ከፍ አደረገች። እማማ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «አሁን እኔ መጣሁ» አሉ።

ጌም ውስጥ ያለ ሰው ግን ሥዕሉ ብቻ አይደለም። በሥዕሉ ዙሪያ ዓይን የማያየው ቅርፊት አለ፤ ኮላይደር እንለዋለን። ግድግዳ የሚያስቆመው ያ ቅርፊት ነው፤ ጫማ ሲያርፍበትም ሰውየው ተመታ የሚባለው በእሱ ነው። ሶፊ እማማን ስታሰፋ ቅርፊቱም አብሮ ሰፋ። ጫማው የሚፈጠርበት ነጥብ ግን በቀጭኗ እማማ እጅ ልክ እንደተተከለ ቀረ። አሁን ያ ነጥብ ቅርፊቱ ውስጥ ነው። ጫማው ገና ሲፈጠር እማማ ውስጥ ይፈጠራል፤ እንደተፈጠረም ነካኋቸው ይላል። የጫማውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሕይወት ያለው ነገር ከነካህ አንድ ሕይወት ቀንስና ጥፋ የሚል ነው። ማን ወረወረኝ ብሎ አይጠይቅም። እማማ ሦስት ሕይወት አላቸው። ሦስት ጊዜ ወረወሩ፣ ሦስት ጊዜ «ውይ ወገቤን!» አሉ፣ ዘጭ ብለው ወደቁ። ድመቷ ቋንጣውን ይዛ ሄደች።

እኔ ሲቸኩሉብኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ ሰዓት ሲቸኩልብኝ ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ መልሰን እናቅጥናቸው አልኩ። ሶፊ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሳቸውን ማቅጠን የፈለገ ራሱ ሄዶ ይንገራቸው አለችኝ። እኔ አልሄድኩም።

በምትኩ ጫማው የሚፈጠርበትን ነጥብ አንድ ክንድ ወደ ፊት ገፋሁት። ሜዳ ላይ ሲሆኑ ግሩም ሆነ። ወደ አጥሩ ሲጠጉ ግን ነጥቡ ግንቡን አልፎ ወዲያ ማዶ ይወጣና ጫማው ጎረቤቱ ቤት ውስጥ ይፈጠራል። ሰውየው ሶፋው ላይ በተቀመጠበት በግንብ ውስጥ የመጣ ጫማ አናቱን ይለዋል። ድመቷ እግራቸው ሥር ስትሆን ደግሞ ጫማው ከጀርባዋ ስለሚፈጠር ጭራዋን እንኳ አይነካም። ድመቶቹ ይህን ያወቁ ይመስል እግራቸው ሥር ተሰበሰቡ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሶፊ ምሳ ልታመጣ ወጣች። እኔም የሰው ቤት ሰብሮ እንደሚገባ ሌባ ግራ ቀኝ አየሁና፣ ነጥቡን ወደ ድሮ ቦታው መልሼ እማማን አቀጠንኳቸው። ሠራ። ጫማው ከእጃቸው ወጥቶ ድመቷን አገኛት። ደስ ብሎኝ ወንበሬን ወደ ኋላ ብገፋ አንድ ሰው ላይ አረፈ።

እማማ ናቸው። ለእንግዶቹ ስንት አግዳሚ ወንበር እንደሚበቃ ሊጠይቁ መጥተው ስክሪኑን እያዩ ቆመዋል። «ይቺ ማናት?» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «እህትዎ ናት» አልኩ።

«እኔ እህት የለኝም» አሉ። የወንበሩን ነገር ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። አንጀቴን በሉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ እማማ ሲቆጡ መልሳቸውን ታውቀዋለህ፣ ዝም ሲሉ ግን ወረቀቱ ሲቀደድ ይሰማሃል።

ሶፊ ምሳውን ይዛ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። አልሰደበችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ጫማው ድመት መምታት እንዳለበት ካወቀ፣ እማማን መምታት እንደሌለበት ለምን አይነገረውም?

ይህ የመጀመሪያ ቀን መሠራት የነበረበት ሥራ ነው። እኔ ስንፍና ይዞኝ ግቢውንም፣ እማማንም፣ ድመቶቹንም፣ ጫማውንም አንድ ሌየር ላይ አጭቄያቸው ነበር። ሌየር ማለት ጌሙ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚነገርበት ነው። ሁሉም አንድ ወገን ከሆነ ሁሉም ከሁሉም ይጋጫል።

እማማን ወደ ስፋታቸው መለስኩ። ከዚያ ወገን ለየሁ፦ ግቢ፣ እማማ፣ የእማማ ጫማ፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት ጫማ፣ ድመት። ቀጥሎ የግጭት ሠንጠረዡን ከፈትኩ። የወገኖቹ ስም ከላይም ከጎንም ተጽፏል፤ ሁለት ስሞች በሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ሳጥን አለች። ሳጥኗ ላይ ምልክት ካለ ይጋጫሉ፤ ከሌለ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ አየር ያልፋል። የእማማንና የጫማቸውን ሳጥን ፈልጌ ምልክቱን አነሳሁ። አስጀመርኩት።

እማማ መሬት ውስጥ ገቡ። ጫማ እንደያዙ፣ ቀጥ ብለው፣ ፊታቸው ሳይለወጥ ወደ ታች ሄዱ። ድመቶቹ ቆመው ሸኟቸው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ አንድ ሳጥን ስቼ የእማማንና የግቢውን ምልክት ነበር ያነሳሁት። ሶፊ እስኪያማት ሳቀች፤ እኔ ግን ስምንት ሰዓት መሆኑን እያየሁ ነበር።

የግቢውን ምልክት መልሼ ትክክለኛዋን አነሳሁ። እማማ ጸንተው ቆሙ፤ ወረወሩ። «ውይ ወገቤን!»

አሁን ሶፊም አልሳቀችም። ኮዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ ጤነኛ ነው። ሠንጠረዡ ጤነኛ ነው። በመጨረሻ ሶፊ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቅርፊቱ የማን ወገን ነው አለችኝ። የእማማ ነው እያልኩ ከፍቼ አየሁት። መሬት ላይ የሚያቆማቸው፣ እግራቸው ጋ ያለው ትንሽ ቅርፊት የራሳቸው ነው፤ ጫማ የሚነካው ትልቁ ቅርፊት ግን የተሰቀለው በእማማ ሥር ባለ ሌላ ክፍል ላይ ነው። የእማማን ሌየር ስቀይር ፕሮግራሙ በሥራቸው ያሉትንም አብሬ ልቀይር ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔም ሳላነብ አይሆንም ብዬ አባረርኩት። ስለዚህ እማማ ስማቸው ተዛውሮ ሰውነታቸው አሮጌው ወገን ውስጥ ቀርቷል። እንደገና ቀየርኩ። አሁን ሲጠይቀኝ አነበብኩና አዎ አልኩ።

እማማ ወረወሩ። ጫማው ከገዛ ሰውነታቸው ውስጥ ተነስቶ፣ ምንም ሳይነካቸው ወጥቶ ድመቷን ጆሮዋ ላይ አገኛት። አጥሩ ሥር ቆመው ወረወሩ፤ ጫማው ግንቡን መትቶ ጠፋ። ጎረቤቱ ሲወረውርባቸው ግን «ውይ ወገቤን!» አሉ፤ የእሱ ጫማ ሌላ ወገን ስለሆነ ምልክቱን አልነካሁትም። ጎረቤቱንም እንደዚሁ ከገዛ ጫማው ጋር አስታረቅኩት፤ ፍትሕ ነው። አጨብጭበን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ።

ሰባት ሴቶች ገቡ። ከቀራንዮ የመጡት እትዬ ዓለም ከፊት ተቀመጡ። እማማ መጨረሻ ገቡ፤ ወረቀቱ ያለበትን መጽሐፍ ቅዱስ ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እኔን አላዩኝም። ስክሪኑን ነው ያዩት፤ የሥዕላቸውን ወገብ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተቀመጡና መጫወቻውን ተቀበሉ።

እንዴት እንደሚወረውሩ! እትዬ ዓለም ግራ፣ ግራ፣ ከኋላሽ እያሉ ይመራሉ፤ እማማ ዞር ብለው ይለቃሉ። አንዷ ድመት ገመዱ ላይ ስትወጣ ሰባቱም ሴቶች ብድግ አሉ። ጎረቤቱ አንድ ጊዜ ሲመታቸውና ስክሪኑ «ውይ ወገቤን!» ሲል እማማ ራሳቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቋንጣው ሳይነካ ጨዋታው አለቀ።

ቤቱ ጸጥ ሲል እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ጠዋት በመስኮት በኩል ስሞት እሰማ ነበር አሉ፤ አሁን ምን አድርጋችሁ ነው?

እውነቱን ነገርኳቸው። «ጫማው እርስዎ ውስጥ ነበር የሚፈጠረው። ሰፊ ስለሆኑ።» ሶፊ እግሬን ረገጠችኝ። «እርስዎን ግን አልነካሁም እማማ። ጫማውን ነው እንዳይነካዎት ያዘዝኩት።»

እማማ መጫወቻውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልብስ ሲጠበኝ ቀንሺ፣ የታክሲ ወንበር ሲጠበኝ ቀንሺ። እስከ ዛሬ ወንበሩን ያስተካከለልኝ ሰው የለም።»

መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ ፈረሙ። ለሶፊ ሰጧት።

«ያቺ ቀጭን እህቴን የወለዳት ግን ማነው?» አሉ።

ሶፊን አየኋት። ሶፊ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በሌላ እጇ እኔን ጠቆመች። የእማማ ቀኝ እግር ጫማ ከሁለት ሜትር ላይ ተነስታ ትከሻዬ ላይ አረፈች፤ ስክሪኑ ላይ ካለው በእጥፍ ትፈጥናለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አነሳሁና በሁለት እጄ ከእግራቸው ሥር አስቀመጥኩላቸው።

«ተባረክ» አሉኝ፤ እግራቸውን አጠለቁ።