ሁሉም ዝም ያለበት ቦታ

ወረቀቱን የጻፉት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ በጎ ፈቃደኞች የምእመናኑን የድሮ የሠርግ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ እንዳይሳሳቱ ብለው፣ መዘምራን ልብሳቸውን በሚሰቅሉባት ጠባብ ክፍል፣ ካሴት ከሚያጫውተው ዴክ በላይ ለጥፈውታል። ሻጋታ ያለው ካሴት አይጫወት። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት መጀመሪያ እስከ ጫፉ ይጠቅለል፣ ከዚያ ይመለስ። የዴኩ ራስ ይጽዳ። ከግርጌ ደግሞ ድምፅ ስለማጥራት ይናገራል፦ «ማንም የማይናገርበትን ቦታ ምረጡ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የካሴቱን ሹሹታ፣ ያንን ሽሽ የሚለውን ድምፅ፣ ከዚያ ይማርና ከመላው ፊልም ላይ ያነሣዋል። የጠራውን አስቀምጡ። ጥሬውን ፋይል አጥፉት፣ ቦታ ይይዛል።»

የመጨረሻዋን ሐረግ ሲጽፉ ያሰቡት ስለ ኮምፒውተሩ ጥበት ብቻ ነበር።

ከምእመናኑ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሠርጓን ካሴት ስታመጣ መምህሩን የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ነው። «ምስሉ ቢቀር ግድ የለኝም። መጨረሻው ላይ አባቴ በር ላይ ቆሞ የነገረኝ ነገር አለ። ያን ቀን ለቅሶ ይዞኝ አልሰማሁትም። ዓመት ሳይሞላ ሞተ። ካሴቱንም ደፍሬ አላየሁት፣ በኋላ ደግሞ ዴክ የሚባል ነገር ከቤት ጠፋ።»

ካሴቱን የገለበጠችው ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ፣ ዘማሪቷ፣ ነበረች። እሑድ ከጸሎት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ጋር መጣችና በተሰቀሉት ልብሶች መሀል ወንበር ተሰጣቸው። መምህሩ በሩ አጠገብ ቆሙ። ፊልሙ ተጀመረ። ካሴቱ አርጅቶ አረንጓዴ መስሎ የነበረው የሙሽራዋ ቀሚስ ነጭ ሆኗል፤ ዘማሪቷ ቀለሙን ስታስተካክል ሳምንት ፈጅታለች።

«ይኼ ጎፈሬ የማን ነው?» አለ ባል፣ ራሰ በራውን እየዳበሰ።

«የተበደርከው ነበር፣ ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው» አለችው ሚስቱ። «አሁን ዝም በል፣ አባቴ ሊመጣ ነው።»

መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ካሜራው ራቅ ብሎ ከእንግዶቹ ኋላ ቆሟል። አባትየው እጇን ያዘ፣ አፉ ተንቀሳቀሰ።

ምንም አልተሰማም።

«ድምፁን ጨምሪልኝ፣ እህቴ።»

ዘማሪቷ ጨመረች። ሹሹታ እንኳ የለም። የአባትየው ከንፈር ይከፈታል፣ ይገጥማል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ነው።

መምህሩ ጠጋ አሉ። «ሹሹታውን ለፕሮግራሙ ያስተማርሽው ከየት ወስደሽ ነው?»

«ከዚሁ ነው ጋሼ። ሌላው ቦታ ሁሉ ዘፈንና ሳቅ ነው። ሁሉም ዝም ያለበት እዚህ ብቻ ነበር።»

«ዝም ያሉትማ እሱን ሊሰሙ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዘማሪቷ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። የአባትየው ድምፅ ከሩቅ ስለተቀረጸ ቀስ ያለ ነበር፣ ከሹሹታው አይለይም ነበር፤ ፕሮግራሙም እንደተነገረው አብሮ አነሣው። «ጥሬውስ?» አሏት መምህሩ። መልሱን ሳይሰሙት ያውቁታል።

«አጠፋሁት። ወረቀቱ አጥፉት ይላል።»

መምህሩ ካሴቱን ከሳጥኑ አወጡ። ክዳኑን ገልጠው ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ክንድ የሚያህለው የክሩ መጨረሻ ጠርዙ ተጨማድዷል፤ ከተገለበጠ በኋላ ሲወጣ ዴኩ ነክሶት ነበር። ዘማሪቷ ይህንንም ነግራቸው ነበር፤ «ግልባጩ አለን፣ አትጨነቂ» ያሏት እሳቸው ናቸው። ጓንት አጥልቀው በቀስታ አቃኑት፣ ያንኑ ቦታ ብቻ አጫወቱ። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ከድምፁ ግን ወረቀት ሲጨመደድ የመሰለ ነገር በቀር አልወጣም።

«ምስሉ መሀሉ ላይ ነው የሚጻፈው» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ድምፁ ግን በጠርዙ ላይ ባለች ቀጭን መስመር ነው። ጠርዙ ደግሞ ሄዷል። ደጋግሜ ካጫወትኩት ምስሉንም እጨርስብሻለሁ።»

«አሁን እኮ በኮምፒውተር የሰው ድምፅ ይሠራሉ አሉ» አለ ባል።

«ይሠራሉ። የእሳቸው ግን አይሆንም። ቃሉን ለኮምፒውተሩ ማን ይሰጠዋል?» አሉ መምህሩ።

ዘማሪቷ ማልቀስ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን መታ መታ አደረገቻት፤ «አንቺ ምን አደረግሽ፣ የተባልሽውን ነው» አለቻት። ይህ ከወቀሳ ይልቅ መምህሩን አደማቸው። ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያዘጋጁት ቃል ሁሉ ወረቀታቸውን የሚመስል ሆነባቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ አሉ።

«እሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ይቅር ብያለሁ አላለችም። ወደ ስክሪኑ ዞራ ያንን ቦታ እንዲደግሙላት ጠየቀች። አባትየው እጇን ያዘ። ከንፈሩን እየተከተለች የራሷን ከንፈር አንቀሳቀሰች፣ ግን ሩቅ ነው፣ ብዥ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ጠፋባት።

ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ እኮ አጠገቡ ቆመሃል። ይኸው፣ ክንዱ ይነካሃል። ምን አለኝ?»

ባልየው ስክሪኑን አየ። ባለ ጎፈሬው ሙሽራ ደረቱን ነፍቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዓይኑን ከካሜራው አይነቅልም።

«አልሰማሁትም» አለ። «ፎቶ የሚያነሡን መስሎኝ ነበር።»