የመጋቢው ዝምታ

ዝናቡ መስኮቱን ቀስ እያለ ይመታል። ኤዲተሯ ፊት፣ ስክሪኑ ላይ፣ ሦስት መጋቢዎች እኩል ይተነፍሳሉ። ሽማግሌው መጋቢ አንድ ናቸው፤ የስንብት ስብከታቸውን የቀረጹት ካሜራዎች ናቸው ሦስት። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከሰገነቱ ሆኖ አዳራሹን በሙሉ፣ ሦስተኛው ከጎን። ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው መድረኩ ላይ አንዴ አጨብጭቦ ነበር፤ በዚያች ጭብጨባ ሦስቱን ምስል ገጣጠመች፣ ከአዳራሹ የድምፅ ማደባለቂያ ከሚክሰሩ የመጣውን የጠራ ድምፅ ከሥር ዘረጋች፣ ከዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቆረጠች ሄደች። መጋቢው እጃቸውን ከፊት ያነሳሉ፣ ከጎን ያወርዳሉ። ጠዋቱ የት እንደገባ አላወቀችም።

የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ደወሉ።

«እህቴ፣ መሃል ላይ ቃል የጠፋባቸው ቦታ አለች አይደል? አደራሽን፣ እሷን አውጪልን። ሰው ጃጁ እንዳይላቸው።»

«ችግር የለም ጋሼ።»

ዝምታው ሃያ ሦስት ሰከንድ ነበር። ቆርጣ አወጣችው፤ መገጣጠሚያው ላይ የሰገነቱን ምስል ጣል አደረገችበት። ምንም የጎደለ አይመስልም።

የጎኑ ካሜራ ግን አስቸገራት። ስብከቱ መሃል ካርዱ ሞልቶ ስለተቀየረ፣ ሁለተኛው ቀረጻ ጭብጨባ የለውም። ከሌሎቹ ጋር ለማስማማት ሁልጊዜ የምትዘጋውን የካሜራውን የራሱን ድምፅ ከፈተች። ካሜራው የቆመው የፊተኛው ወንበር አጠገብ ነበር። መጋቢው ዝም ሲሉ ካሜራማኑ ወደ ሚስታቸው ዞሯል። አሮጊቷ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ያንሾካሹካሉ፦

«አይዞህ፣ አትቸኩል። ‹መንገዱ› የሚለው ጋ ነበርክ።»

«መንገዱ…» አሉ መጋቢው፣ ቀጠሉም።

ኤዲተሯ ሹክሹክታውን ደግማ ሰማችው። ያወጣችውን ሃያ ሦስት ሰከንድ መለሰች። ትንሽ የመጋቢውን ፊት አሳየች፣ ከዚያ ወደ ሚስታቸው ቆረጠች፣ እዚያው ቆየች። ሹክሹክታውን ዘጋችው፤ የሁለቱ ነው ብላ። ለጸሐፊው ደውላ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ባለቤታቸው እማማ ይዩልኝ» አለች።

በማግስቱ እማማ መጥተው ጎኗ ተቀመጡ። ዝምታው ሲደርስ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይኼን ሰው ሁሉ ሊያየው ነው?»

«እርስዎ ከፈቀዱ ብቻ። ካልሆነ ቆርጬ አወጣዋለሁ።»

«ድምፄስ?»

«ዘግቼዋለሁ። ከእኔ በቀር የሰማ የለም።»

እማማ ሳቁ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሳልያዝ ኖሬ!» ከዚያ ስክሪኑ ላይ የቆመውን የባላቸውን ፊት አዩ። «ተይው። ደክሞታል፣ ሰውም ይወቅለት።»

ጸሐፊው ሲሰሙ አጉረመረሙ፣ ግን እማማን ማን ይከራከራል? ቪዲዮው እንዳለ ተላከ።

ያን ዕለት ግን እማማ ሊወጡ በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ለቤታችን አንድ ድምፁ የተከፈተ ቅጂ ታደርጊልኛለሽ? ቃሉን ማን እንደነገረው እኮ አያስታውስም። ከሰማይ ነው ይለኛል።»

ኤዲተሯ እየሳቀች ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች።