አሥራ አንዱ ሰከንድ

መዝጋቢው እንጀራው በአንድ ጣቱ ላይ ነበር። ስታዲየም ይገባል፣ ከመሐል መስመሩ ትይዩ ይቀመጣል፣ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ ያኖራል። ኳስ ወደ ጎል ስትጠጋ «አደጋ»፣ መረብ ስትነካ «ጎል» የሚለውን ይጫናል። እሱ በተጫነ ቅጽበት እዚያ ማዶ የውርርድ ኩባንያው ዋጋውን ሁሉ ይቆልፋል፣ እስኪከፈት ማንም መወራረድ አይችልም። ስድስት ዓመት ሲሠራ ጣቱ አንድ ቀን ሰንፎ አያውቅም።

ያን እሑድ ከሰዓት ግን ታናሽ ወንድሙን አጠገቡ አስቀመጠ። የሟች እህታቸው ልጅ፣ ሁለቱ ተጋግዘው ያሳደጉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ቡድን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። ዘመድ የሚጫወትበትን ግጥሚያ አስቀድሞ ለኩባንያው ማስታወቅ ግዴታ ነው። ሌላ ሰው እንዳይተኩበት ፈርቶ ዝም አለ። የልጁ አባት ስም ሌላ ነው፣ ማን ያውቃል አለ። ፍቅር ሲያባብል ሕግ ትንሽ ትመስላለች፣ ልጆቼ።

ወንድሙ እረፍት አያውቅም። «ጋሼ፣ አንተ በጣትህ ስትጫን ያ ሁሉ ባለገንዘብ ይቆማል ማለት ነው?» እያለ ይቀልድበታል። ጎል ሲገባ ለምን እንደሚቆልፉ ጠየቀው።

«ቤት ተቃጥሏል እንበል» አለው መዝጋቢው ዐይኑን ከሜዳው ሳያነሳ። «መቃጠሉን የሰማ ሰው ላልሰማው በትናንት ዋጋ ሊሸጥለት ይሮጣል። እኛ አስቀድመን በሩን እንዘጋለን። ጎሉ መጽደቁ ይረጋገጣል፣ አዲሱ ዋጋ ይሰላል፣ ከዚያ ይከፈታል።»

የስታዲየሙ ሰው ያየውን ቴሌቪዥን የሚያይ ዘግይቶ እንደሚያየውም ነገረው። ስለዚህ ማንም ቢወራረድ ውርርዱ ወዲያው አይጸድቅም፣ አምስት ሰከንድ ይጠበቃል። በመሐል ቁልፉ ከመጣ ይወድቃል።

«ቁልፉስ ባይመጣ?»

«እኔ እዚህ ተቀምጬ?» አለና ሳቀ።

በሰባኛው ደቂቃ ልጁ ገባ። በሰማንያኛው፣ ባዶ ለባዶ እንደሆኑ፣ ኳስ ከመሐል ሜዳ ጥቂት አለፍ ብሎ እግሩ ሥር ወደቀች። ከዚያ ርቀት «አደጋ» የሚጫን መዝጋቢ የለም። ልጁ ቀና አለና መታት። በረኛው ዞሮ ሲያይ መረቡ ይወዛወዛል።

መዝጋቢው ተነሣ። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰደደ። እህቱን በስሟ ጠራት፣ መሞቷ እንኳ አልታወሰውም። ታብሌቱ ከጉልበቱ ተንሸራቶ እግሩ ሥር ወደቀ።

ወንድሙ ስልኩን አየ። የልጁ ቡድን ማሸነፊያ ዋጋ አሁንም አራት ነበር፣ መቶ ላስያዘ አራት መቶ። ገንዘብ አስይዞ ተጫነ። የመጠበቂያው ክብ መዞር ጀመረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አምስት። ጸደቀ።

መዝጋቢው ወደ ልቡ ሲመለስ ታብሌቱን ከመሬት አንሥቶ «ጎል»ን ተጫነ። ዋጋው ተቆለፈ። ሲከፈት አንድ ነጥብ አሥራ ሁለት ሆኖ ነበር።

«ጋሼ» አለው ወንድሙ በሹክሹክታ፣ «በአራቱ ገባልኝ።»

መዝጋቢው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

የኩባንያው ሰዎች ማታውን ሳይጠብቁ የወንድሙን ውርርድ ሰረዙ፣ ያስያዘውን መለሱለት፣ አካውንቱን ዘጉበት። በማግስቱ መዝጋቢውን ቢሮ ጠሩት። አለቃው የልጁ እኩያ ሴት ነበረች። የጎሉን ቪዲዮና ጣቱ የተጫነበትን ሰዓት ጎን ለጎን አሳየችው፤ ልዩነቱ አሥራ አንድ ሰከንድ።

«ይህ ተወራራጅ የአባትዎን ስም ይጋራል። ወንድምዎ ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ለምን ዘገዩ? እውነቱን ይንገሩኝ፣ ልረዳዎት እፈልጋለሁ።»

እውነቱ ምላሱ ላይ ነበረ። ጎሉን ያገባው ልጃችን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው ቢል ያበቃል። ግን ያን ካለ፣ አጎቱ ቁልፍ ያዘገየ፣ ሌላው አጎቱ የተወራረደ ተጫዋች ምን ይባላል? የልጁን ስልክ ለምርመራ ይወስዳሉ፣ እስኪጣራ ከጨዋታ ያግዱታል። ሲጣራ ዓመት ያልፋል፣ ቦታውንም ሌላ ይይዝበታል።

«ዘነጋሁ» አለ።

«እርስዎ በዘነጉበት ሰከንድ ወንድምዎ እንዲያው ደርሶ ተወራረደ?»

ዝምታውን እንደ እሺታ ጻፈችው። የስንብት ወረቀቱን ስታቀርብለት ዐይኑን አላየችም። መታወቂያ ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ፈረመ።

በር ላይ ወንድሙ ቆሞ ነበር። ሊያቅፈው ሲመጣ እጁን አንሥቶ አስቆመው። የመዝጋቢው ስልክ ጮኸ፣ ልጁ ነው።

«አጎቴ፣ አየኸኝ? ጋዜጠኛው ማን አሳደገህ ሲለኝ ዛሬ ማታ ስለ እናንተ ልነግረው ነው።»

መዝጋቢው ግድግዳውን ተደገፈ።

«እናቴ ብቻዋን አሳደገችኝ በልልኝ። የእኔን ስም አታንሳ።»

«ለምን? ምን አደረግኩ?»

«ምንም አላደረግክም፣ የኔ ዓለም» አለና ሌላ ነገር ሳይጨምር ዘጋው።