የአኑዋር ግራ ዓይን

አኑዋር በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ገበያ ውስጥ ካለው ፎቶ ቤት ሲገባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ኢንቲሳር ገና በድምፁ ለየችው። እሱ ግን ፊቷን በሻሽ ሸፍና ስለነበር አላወቃትም። ከሰባት ዓመት በፊት ሽማግሌ ልኮባት፣ ግራ ዓይኗ ላይ ሞራ ሲያይ «ዓይነ ስውር ልመራ ነው እንዴ?» ብሎ በሰው ፊት ጥሏት የሄደ ሰው ነው።

«ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይህቺን ሰልፊ ሀዋታ ከተማ ላለችው ለእጮኛዬ አክስት ላኪልኝ። መጀመሪያ መነጽሬ ላይ ያረፈውን ነጸብራቅ አጥፊና ዓይኔ ይታይ» አላትና፣ ፎቶውንና የሴትዮዋን ቁጥር ሰጥቷት ወጣ።

ምስሉን አጉልታ አየችው። የመነጽሩ ቀኝ መስታወት ጥርት ያለ ነው፤ ግራውን ስስ ነጭ ብርሃን ጋርዶታል። እንዲህ ሲሆን ፎቶ ቤቶች ደህነኛውን ዓይን ገልብጠው በሌላው ላይ ይለጥፋሉ። አኑዋርም የተማመነው በዚህ ነበር። ኢንቲሳር ግን መስታወቱን ብቻ ለይታ፣ ነጩን ቀስ በቀስ ቀነሰችና ጥቁሩን አጎላችው። ከብርሃኑ ሥር የገዛ ዓይኑ ብቅ አለ፤ ብሌኑን ነጭ ሞራ ሸፍኖታል። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሳትውል ሳታድር ላከችው።

ከቀትር በኋላ አኑዋር እየጮኸ ገባ። «እጮኛዬን አሳጣሽኝ! ምን አድርጌሽ ነው?»

ሻሿን ከፊቷ ገለጠች።

«ዓይኔ ይታይ ብለኸኝ ነበር፤ ታየ። የኔን ሞራ ሐኪም ገፈፈው፤ ያንተን እኔ ገለጥሁት።»