ሦስተኛዋ ጣት

ኢሽራቅ ማረሚያ ቤት ያለውን አባቷን ጁማን ልትጠይቅ ከገላን ኮንዶሚኒየም ስትወጣ፣ ጥቁር ሻርፕ እንዳታደርግ አጎቷ አቡዘር ደጋግሞ አስጠነቀቃት። እናቷ ዓሊማ የተቀበረችው ረቡዕ ነው። መርዶው ለእሑድ ተቀጥሯል፤ አቡዘር የማረሚያ ቤቱን ኃላፊዎች አስፈቅዶ፣ ሽማግሌዎች ይዞ ሊገባ ነው፤ ጁማ ሚስቱን ሲያጣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ እንዲኖር። ቅዳሜ ግን የኢሽራቅ የመጠየቂያ ቀን ነው። ብትቀር ይጠረጥራል።

"ሂሳብሽን ጠይቀሽው ውጪ፤ ከዚያ ውጭ አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ" አላት አቡዘር። ደግ ሰው ነው አቡዘር። ችግሩ፣ ሐዘን ቀጠሮ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ጁማ የሂሳብ መምህር ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አልደርስ ሲለው በእረፍት ቀኑ ሚኒባስ መንዳት ጀመረ፤ አንድ ዝናባማ ምሽት ሰው ገጭቶ ገደለ፤ ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች ልጁን የሚያስጠናት ከሽቦው ማዶ ቆሞ ነው። ወረቀት አይገባም። ግራና ቀኝ ያለው ጠያቂ ሁሉ ስለሚጮህ እነሱም ሂሳባቸውን ይጮኹታል።

ቼይን ሩልን፣ የተደራረበ ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ የሚወጣበትን ዘዴ፣ ያስተማራት እዚያው ነው። "ከውጭ ጀምሪ" ይላታል። "የውጭኛውን ስትሠሪ የውስጡን እንዳለ ተይው፣ አትንኪው። ከዚያ በቀጣዩ ዴሪቬቲቭ አባዢው። እንደዚህ እያልሽ እስከ መጨረሻው ግቢ።" ተማሪ ሁሉ የሚረሳው የመጨረሻዋን ማባዣ ነው፤ ትንሽ ስለሆነች የጨረሱ ይመስላቸዋል።

ለዚህ መላ ያገኘችው ዓሊማ ናት፤ ከሂሳቡ አንዲት ነገር የማይገባት ዓሊማ። ጁማ "ሦስት ድርብርብ" ሲል ከልጇ በስተቀኝ ቆማ ሦስት ጣቷን ትቀስር ነበር፤ ልጅቷ አንድ ማባዣ በተናገረች ቁጥር አንዷን ታጥፍ ነበር። የቆመች ጣት ካለች ሥራው አላለቀም። "እኔ ባልኖር ሁለታችሁም ወድቃችሁ ነበር" እያለች ታሾፍባቸው ነበር።

"እናትሽስ?" አለ ጁማ ገና እንዳያት። "ሳሉ አልለቀቃትም?"

"አሁን አያስላትም። አባዬ፣ ቶሎ ጥያቄ ስጠኝ።"

ወደ ሽቦው ተጠግቶ ሰጣት። "ሳይን አምስት ኤክስ፣ ሙሉው ኩብ። ሦስት ድርብርብ ነው።"

"ውጭው ኩብ ነው" ብላ ጮኸች። "ሦስት ሳይን ስኩዌር አምስት ኤክስ።"

"እሺ።"

"ሲባዛ በሳይን ዴሪቬቲቭ፤ ኮሳይን አምስት ኤክስ።"

"እሺ።"

"በቃ።"

ጁማ ተማሪን ተሳስተሃል ብሎ አያውቅም። "ውስጡ ምን ቀረ?" ነው የሚለው፤ አሁንም አለ። ኢሽራቅ ሳታስበው ወደ ቀኟ ዞረች፣ ሁልጊዜ የእናቷ ጣቶች ወደሚቆሙበት። የማታውቃት ሴት የምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች።

"አምስት!" አለች ተመልሳ። "የአምስት ኤክስ ዴሪቬቲቭ አምስት። አሥራ አምስት ሳይን ስኩዌር አምስት ኤክስ፣ ሲባዛ በኮሳይን አምስት ኤክስ።"

ልክ ነው። ጁማ ግን እሺ አላለም። አሁን እሱም ወደዚያው ወደ ቀኟ እያየ ነው።

"ሐኪም ቤት ተኝታለች?"

"ወጥታለች።" እውነት ነው።

"ያማታል?"

"አሁን አያማትም።" ይሄም እውነት ነው። እንዲህ እንድትመልስ አቡዘር አላስተማራትም፤ እሷ ናት መዋሸት ያቃታት።

"ቤት ናት?"

ከዳር እስከ ዳር ሰው ይጮሃል፤ ስለ ጠበቃ፣ ስለ ካልሲ፣ ስለ ልጅ ጥርስ።

"ኢሽራቅ" አለ ጁማ ሽቦውን ጨብጦ፣ "ውስጡ ምን ቀረ?"

አባቷ ይህን ጠይቋት መልስ ሳትሰጠው ቀርታ አታውቅም። "እማዬ ሞተች" አለች። ጮክ ብላ ነበር፤ አለዚያ አይሰማም። ሴትየዋ የምሳ ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ ትከሻዋን ያዘቻት።

ጁማ አልጮኸም። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ሲል ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ከሽቦው በዚያ ወገን ትከሻውን የሚይዘው አልነበረም። ኢሽራቅ ልታስቀርለት የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ አልቻለችም።

"እሑድ ሊነግሩህ ነበር" አለች እያለቀሰች። "ከሽማግሌዎች ጋር ነበር... አባዬ፣ ይቅር በለኝ።"

"ሰዓት!" አለ ጠባቂው። ጠያቂው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ጁማ ቀኝ እጁን ወደ ሽቦው አስጠግቶ ሦስት ጣቶቹን ቀሰረ። "ፈተናሽ ደርሷል" አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። "እንደገና። ከውጭ።"

"ሦስት ሳይን ስኩዌር አምስት ኤክስ።" አንዷን አጠፈ።

"ሲባዛ በኮሳይን አምስት ኤክስ።" ሁለተኛዋን አጠፈ።

ሦስተኛዋ ብቻዋን ቆማ ቀረች። ኢሽራቅ ወደ ቀኟ አልዞረችም።

"ሲባዛ በአምስት" አለች።

ሦስተኛዋንም አጠፈ። ጠባቂው ሁለተኛ ሲጠራው እጁን እንደጨበጠ ዞረ፤ ብቻውን ወደ ውስጥ ገባ።