የተፋቀው የሸሪካ ምልክት

ሐመልማል ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሰጧት ክዳኑን ለመክፈት አትቸኩልም። መጀመሪያ ገልብጣ ሆዱን ነው የምታየው። ኩዌት፣ ሐወሊ በሚባለው ሰፈር፣ የኮምፒውተር ሱቆች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ ሉቅማን የሚባል ሕንዳዊ ያገለገለ ዕቃ እያደሰ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረ፤ እሷ በትርፍ ሰዓቷ ታጸዳው ነበር። እጇ ሲጠርግ ዓይኗም ሥራ አልፈታም። የትኛው ዕቃ ተሽጦ እንደሚቀር፣ የትኛው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ከነባለቤቱ ጩኸት እንደሚመለስ ለይታ አወቀች።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተዛመተ። ዓርብ ዓርብ ፈርዋኒያ አንድ ቤት ተሰብስበው የሚጸልዩት የኅብረቱ ሰዎች፣ ከመጨረሻው አሜን በኋላ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ይከቧታል። አንዷ ለወንድሟ ላፕቶፕ ትፈልጋለች፣ ሌላው ካሜራ። “እህት ሐመልማል፣ የቱ ነው የሚበረክት?” ይሏታል። ደስ ይላት ነበር፤ ምን ይደበቃል! ቀኑን ሙሉ “ነይ፣ ሂጂ፣ አንሺ” ስትባል ለምትውል ሴት፣ “ምን ትያለሽ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

መልሷም ሁሌ አንድ ነው። “ለመታየት የተሠራ አለ፣ ለሥራ የተሠራ አለ” ትላቸዋለች። ያ ቀጭኑ፣ የሚያብለጨልጨው፣ ሱቅ መስኮት ላይ ልብ የሚያጠፋው፣ ማጠፊያው ፕላስቲክ ላይ ስለሚታሰር ይሰነጠቃል፤ ባትሪው በሙጫ ተለጥፏል፤ ሚሞሪው ቦርዱ ላይ ስለተበየደ ልጨምር ቢሉ አይጨመርም። ቲንክፓድ፣ ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክ የሚባሉት ግን ለመሥሪያ ቤት የተሠሩ ናቸው። መልካቸው አያምርም፤ ነገር ግን በብሎን ይከፈታሉ፣ ኪቦርዳቸው ይቀየራል፣ መለዋወጫቸው አዲስ አበባም አይጠፋም። “ሸሪካ የሠራበትን ውሰዱ” ነው ምክሯ። ሸሪካ ማለት በዐረቦቹ አፍ ድርጅት ነው። የሸሪካ መሆኑን የምታውቀውም ከሆዱ ነው፤ ድርጅቶች ንብረታቸው ላይ የሚለጥፉት ባለቁጥር ወረቀት ሲፋቅ የሙጫው ፋና ይቀራል። ሐመልማል ያንን ፋና በአውራ ጣቷ ዳብሳ ስታገኘው ፊቷ ይፈታል።

ኮሮና በገባበት ዓመት ምሕረት ወጣ። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሁሉ ያለ ቅጣት ወደ አገሩ ይግባ ተባለ። ጓደኛዋ ፀጋ ስማቸውን ካስመዘገቡት አንዷ ነበረች። ጀህራ በአንድ ቤት ስትሠራ ማዳሟ የወርቅ አምባሯ ጠፋባትና ጎረቤት እስኪሰማ “ሐረሚ!” ብላ ጮኸችባት። ሌባ ማለቷ ነው። አምባሩ በኋላ ከማዳሟ ከራሷ ቦርሳ ተገኘ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን አልተገኘም። ፀጋ በዚያው ጠፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያለ ወረቀት ደስማና ባያን በሚባሉት ሰፈሮች ቤት ለቤት እያጸዳች፣ ዓርብ ደግሞ በተዋሰችው ካሜራ የሐበሻውን ልደትና ቀለበት እያነሳች ኖረች። እጇ ጥሩ ነበር። ሻሸመኔ ገብታ ፎቶ ቤት ልትከፍት ነው። “ሁለተኛ የሰው ኩሽና አልገባም ሐሙዬ። ሌባ የሚለኝ ሰውም አይኖርም” አለቻት፤ ለዚህ ደግሞ የሚበረክት ካሜራና ላፕቶፕ ያስፈልጋታል። ከኩዌት ከወጣች ደግሞ ተመልሶ “ተበላሸብኝ” ማለት የለም።

የሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ሉቅማን ዘንድ ደረሱ። ሱቁ በትእዛዝ ተዘግቷል፤ እሱ ግን መዝጊያውን እስከ ወገብ ከፍቶ ውስጥ ተቀምጧል። ጎንበስ ብለው ገቡ።

ካሜራው አላስቸገረም። ሐመልማል ከኒኮኖቹ አንዱን መረጠች፤ የሌላው ድርጅት ካሜራም ስሙ ደህና ነው፣ ግን ኒኮን ስንት ጊዜ እንደተነሳበት በራሱ በፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፋልና መዋሸት ያስቸግራል። አንድ ፎቶ አነሳች፣ በሉቅማን ኮምፒውተር ቁጥሩን አየች፤ የካሜራው መዝጊያ ይችላል ከተባለለት ሩቡን እንኳ አልሠራም። ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስታ ሻጋታ ፈለገችበት። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ አጥብባ ነጭ ግድግዳ አነሳችና ፎቶው ላይ የአቧራ ነጠብጣብ አጣች። በመጨረሻ የማጉያውን ቀለበት ጆሮዋ ሥር አድርጋ አዞረችው። የኩዌት አሸዋ የገባበት ሌንስ ይንኮሻኮሻል። ይኼ ጸጥ አለ።

“ካሜራሽ እሱ ነው” አለች።

ጠቡ የመጣው በላፕቶፑ ነው። ፀጋ ዓይኗ ያረፈው ብርማ ቀለም ባለው ቀጭኑ ላይ ነበር።

“ሐሙዬ፣ እዪው እስቲ ሲያምር! ደንበኛ ሲገባ ጠረጴዛ ላይ ሲያየው…”

“ደንበኛው የሚያየው ፎቶውን ነው። ባይሆን መጋረጃ ግዢለት።”

“ዐረብ አገር ኖራ ይቺን ጥቁር ሳጥን ይዛ መጣች ይሉኛል እኮ!”

“ይበሉሻ! እሱ ዓመት ሳይሞላው ማጠፊያው ሲገነጠል ደግሞ ምን እንደሚሉሽ ትሰሚያለሽ።” ሐመልማል ጥቁሩን ቲንክፓድ አነሳችና ገለበጠችው። የሙጫው ፋና ሆዱ ላይ ነበር፤ እንዲያውም በጥፍር ተፍቆ ገና አልደረቀም። “ሸሪካ የሠራበት ነው። ዳብሺው።”

“ሸሪካ፣ ሸሪካ! ዘይን!” አለ ሉቅማን ከጠረጴዛው ማዶ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው።

ማጠፊያውን ከፈተች ዘጋች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ መታች። የመዳፊቱ ቦታ አብጦ እንደሆነ በመዳፏ ሄደችበት፤ በዚህ አገር ሙቀት መኪና ውስጥ የተረሳ ላፕቶፕ ባትሪው ያብጥና ከሥር ይገፋዋል። አላበጠም። ዲስኩም ጤነኛ ነበር። እንከን ብትፈልግ አጣችበት።

አንድ ነገር ብቻ ዓይኗ አይቶ ልቧ አለፈው። ድርጅት ላፕቶፕ ሲያስወግድ በጅምላ ነው የሚያስወግደው፤ ሉቅማን ዘንድ ሲመጡ አንድ ዓይነት ሆነው፣ ከነሽያጭ ወረቀታቸው፣ በካርቶን ታጭቀው ነው። ይኼ ብቻውን ነው የመጣው። “ወንድሞቹስ?” ብላ መጠየቅ ነበረባት። ግን ሰዓት እላፊው እየደረሰ ነው፣ ፀጋ አኩርፋለች፣ ክርክሩን ደግሞ ማሸነፍ ፈልጋለች። እውነቱ ይኼ ነው። ማሸነፍ ፈለገች።

ፀጋ ብርማውን ለመጨረሻ ጊዜ አየችውና ትከሻዋን ሰበቀች። “እሺ። አንቺ ካልሽ ልክ ነው።”

ፀጋ አገሯ ገባች። ፎቶ ቤቱ ተከፈተ። በየሳምንቱ የሙሽሮች፣ የሕፃናት፣ የምርቃት ፎቶ በስልክ ይመጣል፤ ሐመልማልም ባያን ውስጥ የማዳሟን ልብስ እየተኮሰች ታየዋለች። “የኔ ምርጫ ነው” ትላለች ለራሷ፤ ለኅብረቱ ሰዎችም ታሳያቸዋለች። በዚሁ መሃል ከፊሏ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣት ሰው፣ መኖሪያ ፈቃዷን ሳያድስላት ጊዜው አለፈ። ምሕረቱም አልፏል። ከእንግዲህ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ የምታቋርጠው እሷ ሆነች።

በሚቀጥለው ዓመት የፀጋ ድምፅ መጣ፤ እያለቀሰች ነበር። ፎቶ ቤቱ የራሱን ኢንተርኔት ካስገባ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። ጠዋት ላፕቶፑን ስትከፍተው ጥቁር ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ወጣ። ሙሽሮች አልበም ሊመርጡ ተቀምጠዋል። ቴክኒሻን ተጠራ፤ እሱም ሞኙ ጮክ ብሎ አነበበው፦ ይህ ኮምፒውተር የድርጅታችን ንብረት ነው፤ መሰረቁ ተመዝግቧል፤ በዚህ ቁጥር ይደውሉ። ቁጥሩ የኩዌት ነው።

ሐመልማል ልብሱን ጥላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ አሁን ገባት። በኮሮና ቢሮ ሲዘጋ ሠራተኛው ላፕቶፑን ቤቱ ወሰደ፤ ወይ ተባረረ ወይ ደመወዝ ቀረበት፤ ለሉቅማን ሸጠው። ሸሪካው ቢሮውን ከፍቶ ንብረቱን ሲቆጥር አንዱን አጣና በኢንተርኔት በሩቁ ቆለፈው። እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚያስገቡት ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ያ የሱቅ መስኮቱ ብርማ ይኼ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም።

ቴክኒሻኑ ዲስኩን ፈቶ የሙሽሮቹን ፎቶ አወጣ። አዲስ ዲስክ አስገብቶ ዊንዶውስ እንደገና ጫነ። ኢንተርኔት ባገኘ ማግስት ያው ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ቁልፉ ቦርዱ ውስጥ ነበር። ቦርዱን መቀየር ሌላ ላፕቶፕ ከመግዛት አይተናነስም። ከሁሉ የከፋው ግን ወሬው ነው። “ከዐረብ አገር ሰርቃ ነው የመጣችው” ተባለ። ደንበኛ ቀረ። የቤት ባለቤቱም እንደ ድሮው ሰላም አይላትም።

“ሐሙዬ፣ እዛው ነሽ፣ ዐረብኛም ታውቂያለሽ። ደውይላቸው። ገዝታው ነው በያቸው። ይክፈቱልኝ፤ እንዳልሰረቅኩ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ሐወሊ ሄደች። የሉቅማን ሱቅ ስልክ ካርድ መሸጫ ሆኗል፤ ሰውየው አገሩ ገባ አሏት። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ደወለች። አንድ ግብፃዊ አነሳው፤ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ሳያቋርጥ ሰማት።

“እህቴ፣ ይገባኛል። ከዚህ በፊትም ለገዛ ሰው ከፍተን እናውቃለን። የሻጩን ስምና የአንቺን ስም ስጪኝ፣ የባጣቃሽን ቁጥር ጨምሪ፤ ለኃላፊዎቹ አቀርበዋለሁ። ወረቀቱንም እጽፋለሁ።”

ባጣቃ የመኖሪያ መታወቂያዋ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ጊዜው አልፎበት ተኝቷል።

“ለምን የኔን?” አለች።

“ምስክሯ አንቺ ነሽ አይደለም? ክሱ ፖሊስ ጋ ነው ያለው።”

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ሰውየው “አሎ? አሎ?” እያለ ሁለት ጊዜ ተጣራ። ስልኩን ዘጋችውና ቁጥሩን አጠፋችው።

ቀኑን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ስትፈትግ ዋለች። እጄን ይዘው ቢያባርሩኝስ? እናቴን ማን ይጦራል? አለች። ስሜን ብሰጥ ምናልባት ምንም አይመጣ ይሆናል፤ እሱንም አለች። ፀጋ ደግሞ አሥር መልእክት ልካለች። በመጨረሻ ስልኩን አፏ ጋ አስጠግታ የድምፅ መልእክት ቀዳች።

“ፀጋዬ፣ ደወልኩ። ቁጥሩ አይሠራም። ድርጅቱም በኮሮና ተዘግቷል አሉኝ። ምንም ማድረግ አይቻልም።”

መልሱ ቶሎ መጣ። የፀጋ ድምፅ ለቅሶውን ጨርሶ ደርቋል።

“እሺ ሐሙዬ። አንቺ ካልሽ ልክ ነው።”